አዲስ ባለቤት ለያዘው ምግብ ቤት የሎጎ ማደሻ ኢሜይል፦ ረቂቄን እዩልኝ (ደብረ ማርቆስ)

ንድፍ_ዘማርቆስ

ሰላም ለቤቱ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ቅርብ ጊዜ ባለቤት ቀይሯል። ስሙ አልተለወጠም፣ ታፔላውም ያው ነው። የገዙት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ናቸው፤ እዚህ ሥራውን የሚመራው ሥራ አስኪያጅ ነው። ኢሜይላቸው በፌስቡክ ገጻቸው ላይ ተለጥፏል። ከዚህ በፊት አንተዋወቅም፤ ሎጎውን ላድስላቸው ብዬ ልጽፍላቸው ነው።

ሎጎው በረጅሙ የተዘረጋ ነው፤ ወርዱ ከቁመቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በግራ በኩል እንፋሎት የሚወጣው ድስት አለ፣ በቀኝ ስሙ በአንድ መስመር ተጽፏል። ፊደሉ ጥላ አለው፤ ቀለሙም ከቀይ ወደ ቢጫ እየቀለጠ ይሄዳል። የዕለቱን ምግብ በቴሌግራም ቻናል ይለጥፋሉ። ረቂቄ ይኸው፦

> ርዕስ፦ ልዩ ቅናሽ!!! ዘመናዊና ማራኪ ሎጎ ለድርጅትዎ በተመጣጣኝ ዋጋ
>
> ውድ ደንበኛችን፣
> በግራፊክ ዲዛይን ሙያ የካበተ ልምድ ያለኝ ባለሙያ ስሆን ሎጎ፣ ባነር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ሜኑ፣ ቲሸርት፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀትና ሌሎችንም እሠራለሁ። የድርጅትዎ ሎጎ ጊዜ ያለፈበትና ደንበኛን የማይስብ ሆኖ ስላገኘሁት በአዲስ መልክ ልሠራልዎ ዝግጁ ነኝ። የሥራዎቼን ናሙና ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ፈጣን ምላሽዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

የተያያዘው ፒዲኤፍ 14 ሜጋባይት ነው። ምን ላስተካክል?

---

ፈጣን_መስመር

ወንድሜ፣ በጎጃም ኢሜይል የሚያነብ የምግብ ቤት ባለቤት የለም። ሂድና ሻይ አዝዘህ ተቀመጥ፣ ካሸሯን ጠይቅ፣ የባለቤቱን ስልክ ተቀበልና ደውል። ኢሜይሉን እርሳው። ደግሞ ሎጎውን ሠርተህ በነፃ ስጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ሜኑውንም ባነሩንም አንተው ትሠራለህ።

---

መስኮተ_ጣና

ፈጣን፣ ግማሹ ልክ ነው። ባለቤቱ እዚያው ሳንቃው ጥግ ተቀምጦ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ቢሆን ኖሮ ኢሜይል ትርፍ ድካም ነበር። እዚህ ግን ባለቤቱ አዲስ አበባ ናቸው፣ ማርቆስ ያለው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሥራ አስኪያጅ ስለ ሎጎ አይወስንም፤ «እነግራቸዋለሁ» ይልሃል፣ ጉዳዩም እዚያው ይቀራል። ሩቅ ላለ ባለቤት ኢሜይል ጥሩ መንገድ ነው፤ ማታ አረፍ ሲሉ ያነቡታል፣ ለሥራ አስኪያጁም እንዳለ ያስተላልፉታል። ካሸሯን መጠየቁ ግን ይጠቅማል። ስልክ ለመቀበል ሳይሆን የባለቤቱን ስም በትክክል ለማወቅ። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ለሁሉም የተበተነ መሆኑ ከመጀመሪያው ቃል ይታወቃል።

በነፃ ስጥ ያልከው አያስኬድም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ንድፍ፣ ወደ ረቂቅህ ልግባ። ትልቁ ችግር ስለራስህ መጻፍህ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ስለ ምግብ ቤቱ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ስድብ ነው። ሰውየው ቤቱን ከነስሙ ገዝተዋል። ዋጋውን የከፈሉት ደንበኛ ያንን ስምና ያንን ድስት ስለሚያውቅ ነው። አንተ «ጊዜ ያለፈበት» ስትላቸው የገዙት ነገር ዋጋ የለውም እያልካቸው ነው። ሎጎውን የሠራው ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ወንድም ይሁን የእሳቸው የእህት ልጅ፣ አንተ አታውቅም።

ሎጎ ማደስ ማለት ደንበኛ የሚያውቀውን ይዞ የማይሠራውን ማስተካከል ነው። ስለዚህ ደብዳቤህ የማይሠራ አንድ ነገር ያሳይ፤ ባለቤቱ ራሳቸው በእጃቸው ባለው ስልክ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊያረጋግጡት የሚችሉትን። ውበት የሌለው መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ስሙ መቆረጡን ግን ማንም ያያል።

ያንን ነገር ደግሞ ሳታውቀው ነግረኸናል። ወርዱ ከቁመቱ ሦስት እጥፍ ነው ብለሃል፣ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ ብለሃል። የቴሌግራም የመገለጫ ምስል ክብ ነው። ሦስት ለአንድ የሆነን ሎጎ ቁመቱን ሞልቶ ብታስገባው ከወርዱ የሚታየው መካከለኛው ሲሶ ብቻ ነው፣ ክቡ ደግሞ ማዕዘኑንም ይበላዋል። ድስቱ በግራ ይወድቃል፣ የስሙ መጨረሻ በቀኝ ይወድቃል። አሳንሰው ሙሉውን ክቡ ውስጥ ቢያስገቡት ደግሞ ቁመቱ ከክቡ ሲሶ አይበልጥም፤ በስልክ የቻት ዝርዝር ላይ ያ ክብ የአንድ ጣት ጥፍር ስለሚያክል ስሙ የማይነበብ ጭረት ይሆናል። ከሁለቱ የትኛውን እንዳደረጉት ቻናሉን ከፍተህ ተመልከት፤ ደብዳቤህ በዚያ ላይ ይቁም።

---

ንድፍ_ዘማርቆስ

አየሁት። የመጀመሪያው ነው፤ የስሙ መካከል ብቻ ነው የሚታየው። ድስቱ ጨርሶ የለም።

---

የቡሬው_ባለሆቴል

ይቅርታ፣ በመሀል ገባሁ። እኔም ቡሬ ውስጥ ምግብ ቤት አለኝ። አንድ ሰው በቅርብ ርቀት ስሜን ጥቂት ለወጥ አድርጎ ከፍቷል፣ ሎጎዬ ላይ ያለውንም ድስት ጭምር ወስዷል። ሎጎዬን ባሳድስ እሱን ማስቆም እችላለሁ? ለዚህ ዲዛይነር ነው ወይስ ጠበቃ የምጽፈው?

---

መስኮተ_ጣና

ጋሼ፣ ሎጎ ማሳደስ ማንንም አያስቆምም። የርስዎ ጥያቄ የምዝገባ ነው። የንግድ ስምዎ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ (980/2008) መሠረት ንግድ ቢሮ የተመዘገበው ነው። የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው፤ እሱ በአዋጅ 501/1998 መሠረት አዲስ አበባ ባለው የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ይመዘገባል፤ ጥበቃው 7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ምልክቱን ካላስመዘገቡ አስቀድመው ያንን ያስጀምሩ። ማሳደስ ካሰቡ ግን መጀመሪያ ያሳድሱና የታደሰውን ያስመዝግቡ፤ የተመዘገበው ምስልና ታፔላ ላይ ያለው የተለያየ ከሆነ ክርክር ሲመጣ ይጎዳዎታል።

ንድፍ፣ ከጋሼ ጥያቄ አንተንም የሚመለከት ነገር ይወጣል። ባለቤቱ መልስ ከሰጡህ በኋላ፣ እርሳስ ከማንሳትህ በፊት፣ «በሽያጭ ውሉ ላይ ስሙና ሎጎው አብረው ተላልፈዋል?» ብለህ ጠይቅ። የቀድሞው ሠሪ ሥራውን በጽሑፍ ካላስተላለፈ በቅጂ መብት አዋጅ (410/1996) ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ይህን ግን በመጀመሪያው ኢሜይል አትጻፍ፤ የማታውቀው ሰው ስለ ውልህ ሲጠይቅህ ያስደነግጣል።

---

የቡሬው_ባለሆቴል

እግዜር ይስጥልኝ። ምዝገባውን እጀምራለሁ።

---

ባነር_ቤት_ባዳር

የኅትመት ሰው ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ደብዳቤህ ውስጥ ታፔላ እቀይራለሁ ብለህ አትጻፍ። ታፔላ ማለት ብረት፣ ብየዳ፣ መብራት፣ አንዳንዴም ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ነው። ባለቤቱ «ሎጎ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ በልባቸው የሚደምሩት ያንን ወጪ ነው፤ ለዚያ ነው መልስ የማይሰጡት። «ታፔላው እንዳለ ይቆያል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባ። ሲደበዝዝ ያኔ በአዲሱ ይተካል። ፍሌክሱ ከሆነ ደግሞ መደብዘዙ አይቀርም፤ ከፀሐይ ጋር የማይስማሙት ቀዩና ቢጫው ናቸው፣ የዚህ ሎጎ ቀለሞችም እነሱው ናቸው።

---

ፈጣን_መስመር

እሺ ኢሜይሉ ይሁን። ግን ምስል ሳያዩ ማን ያምናል? አዲሱን ሎጎ ሠርተህ በ300 ዲፒአይ አያይዘው። ሲያዩት ይወዱታል።

---

መስኮተ_ጣና

ሦስት ነገር ይበላሻል።

አንደኛ፣ ከማይታወቅ አድራሻ የመጣ ከባድ አባሪ ያለው ኢሜይል ስፓም ውስጥ የመግባቱ ዕድል ይጨምራል። ስፓም ውስጥ ባይገባም በሞባይል ዳታ 14 ሜጋባይት የሚያወርድ ሰው የለም። ሁለተኛ፣ 300 ዲፒአይ ለኅትመት እንጂ ለስልክ ምንም አይጨምርም፤ ለስልክ 800 ፒክስል ወርድ ያለው ምስል ይበቃል፣ ከ150 ኪሎባይት በታችም ይወርዳል። ትልቁን ፋይል ከላክህ ደግሞ ያለ ክፍያ ሠርተህ አስረክበሃል ማለት ነው፤ ባነር ቤት ወስደው ያትሙታል፣ ማንም አይወቅሳቸውም። ሦስተኛው ይበልጣል፦ ሳይጠይቁህ የሠራኸውን ስታሳያቸው ጥያቄው «ችግሩን ላስተካክልልዎ?» መሆኑ ይቀርና «ይሄ ያምራል ወይስ አያምርም?» ይሆናል። ቀለሙን ካልወደዱት በዚያው ያበቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቃሉን ላክ፣ በስተመጨረሻ «አንድ ምስል ልላክልዎ?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «ላክ» ብቻ ነው፤ ሰው በአንድ ቃል መመለስ ሲችል ይመልሳል።

---

ጽጌ_ዘእንጅባራ

በዚህ አልስማማም። ሰው በቃል የተነገረውን የስልክ ችግር ቻናሉን ከፍቶ አያይም፤ ሰነፍ ነው። የራሳቸውን ክብ ምስል ስክሪን ላይ እንዳለ አንስቶ ከደብዳቤው ጋር ማያያዝ ምን ክፉ አለው? አዲሱን አይደለም፣ የተቆረጠውን። ትንሽ ምስል ናት።

---

መስኮተ_ጣና

ጽጌ፣ የተቆረጠውን ማሳየቱ ከአዲሱ ይሻላል፤ ያንን እቀበላለሁ። ከ100 ኪሎባይት በታች የሆነች አንዲት ምስል ብዙ አትጎዳም። እኔ ግን ለመጀመሪያው መልእክት ንጹሕ ጽሑፍ እመርጣለሁ። ንድፍ ሁለቱንም ለተለያዩ ሰዎች ሞክሮ ያወዳድር።

አሁን ርዕሱ። ስልክ ላይ ጂሜይል የርዕሱን የመጀመሪያ ከ30 እስከ 40 ፊደል ያህል ነው የሚያሳየው። «ልዩ ቅናሽ!!!» ከእነዚያ ፊደላት የመጀመሪያዎቹን በከንቱ ይይዛል፤ ሦስት ቃለ አጋኖ ደግሞ የማስታወቂያ ጠረን አለው። ርዕሱ ችግሩን ራሱን ይናገር። ሙሉ ረቂቁን እንዲህ አደርገው ነበር፦

> ርዕስ፦ የምግብ ቤትዎ ስም ቴሌግራም ላይ ይቆረጣል
>
> ጤና ይስጥልኝ አቶ …፣
>
> የምግብ ቤቱን ሥራ ስለተረከቡ እንኳን ደስ አለዎት፤ ሥራው ይቃናልዎ።
>
> የዕለቱ ምግብ የሚለጠፍበትን የቴሌግራም ቻናል በስልክዎ ቢከፍቱ፣ በክቡ ምስል ላይ የስሙ መካከል ብቻ ይታያል፤ ድስቱና የመጨረሻዎቹ ፊደላት ተቆርጠዋል። ይህ የሆነው ሎጎው ለታፔላ እንዲመች በረጅሙ ስለተሠራና ለክብ ቦታ የሚሆን ቅጂ ስለሌለው ነው።
>
> ደብረ ማርቆስ የምሠራ የግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ደንበኛ የሚያውቀውን ድስትና ቀይ ቀለም ሳልለውጥ ሦስት ቅጂ አዘጋጃለሁ፦ ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ክቡን፣ ለማኅተምና ለቢል ባለ አንድ ቀለሙን፣ ለታፔላና ለሜኑ ረጅሙን። አሁን የተሰቀለው ታፔላ እንዳለ ይቆያል። ሥራው ስድስት የሥራ ቀን ይፈጃል፣ ዋጋው 7,500 ብር ነው።
>
> ክቡ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ምስል ልላክልዎ?
>
> (ሙሉ ስም)
> (ስልክ)

ዋጋውን ንድፍ በራሱ ሰዓት አስልቶ ይለውጠው፤ እኔ ለምሳሌ ነው ያስገባሁት። ባለቤቷ ሴት ከሆኑ «ወ/ሮ» ይሁን፤ ስሙ ካልታወቀ ደግሞ «ጤና ይስጥልኝ» ብቻውን ይበቃል፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ከማለት ይሻላል።

---

ፈጣን_መስመር

ዋጋ በመጀመሪያው ደብዳቤ? በጭራሽ። ዋጋ ያየ ሰው መልስ አይሰጥም። መጀመሪያ አናግራቸው፣ ከዚያ ዋጋው ይመጣል።

---

መስኮተ_ጣና

ዋጋ ያየና የማይችል ሰው መልስ ባይሰጥህ ምን አጣህ? ለማይከፍል ሰው ምስል ከመሥራት ታርፋለህ። ዋጋ ያላየ ባለቤት ደግሞ ሎጎ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ስለማያውቅ የባነር ቤቱን ትንሽ ክፍያ ወይም የአዲስ አበባ ማስታወቂያ ድርጅት ትልቅ ክፍያ ነው የሚገምተው፤ ሁለቱም ግምት አንተን ይጎዳሃል።

---

ፈጣን_መስመር

አዲስ አበባ ላይ ያ ይሠራል። ማርቆስ ላይ ሰው ዋጋ ሳይከራከር አይገዛም። የጻፍከውን ቁጥር ጣሪያ አድርጎ ከዚያ ወደ ታች ነው የሚወርደው።

---

ባነር_ቤት_ባዳር

ፈጣን በዚህ ላይ አልተሳሳተም። ደንበኛ ሁሉ ይከራከራል። ቁጥር የምትጽፍ ከሆነ የሚቀነስ ሥራ ይኑርህ። «ዋጋው ይቀነስ» ሲሉህ ብሩን ብቻ አትቀንስ፤ «እንግዲያው ክቡንና ባለ አንድ ቀለሙን ብቻ ልሥራ» በላቸው። ያለዚያ በሚቀጥለውም ሥራ የመጀመሪያ ዋጋህን የሚያምን የለም።

---

ንድፍ_ዘማርቆስ

ዋጋ ላስገባ ወይስ አላስገባ ገና አልወሰንኩም። መቼ ልላክ? አሁን ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው።

---

ጽጌ_ዘእንጅባራ

በጾሙ ላክ። 55ቱን ቀን ሥጋ የሚሸጥ ቤት ሥራው ይቀዘቅዛል፣ ባለቤቱ ስለ ቤቱ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። ለፋሲካ ደግሞ አዲስ መልክ ይዞ ለመቅረብ ይፈልጋል።

---

ፈጣን_መስመር

ጊዜ ያገኛል፣ ገንዘብ ግን የለውም። ገቢው ወርዶ ሳለ ሎጎ የሚያሠራ ማን አለ?

---

መስኮተ_ጣና

ምን እንደሚሸጡ ይወስነዋል። ዋና ገቢያቸው ክትፎና ጥብስ ከሆነ የፈጣን ሐሳብ ያይላል፤ ሽሮና ዓሣ ከሆነ ያን ያህል አይለይም። ቻናላቸው ላይ የለጠፉትን የምግብ ዝርዝር ተመልከት። በየትኛውም ወቅት ግን ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ ይሻላል፤ ቁርስ አልፎ ምሳ ገና ነው። በገበያ ቀንና በበዓል ዋዜማ አትላክ።

መልስ ካልመጣ ከአምስት የሥራ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውስ፣ በዚያው ኢሜይል ላይ «ምላሽ» ብለህ፣ በሁለት መስመር፦ «ጤና ይስጥልኝ አቶ …፣ ስለ ቴሌግራሙ ክብ ምስል የጻፍኩልዎ ደርሶዎት ይሆን? ምስሉን ልላክልዎ ወይስ ለጊዜው ይቆይ?» «ይቆይ» ለማለት መንገድ ስትከፍትላቸው ይመልሱልሃል። ሦስተኛ ጊዜ አትጻፍ። ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገ ያው ሰውዬ በጓደኛው ምግብ ቤት ስምህን ይሰማል።

---

ንድፍ_ዘማርቆስ

«ላክ» ካሉኝስ? ምስሉን ለማዘጋጀት ያለኝ ከፌስቡካቸው ያወረድኩት የ600 ፒክስል ጄፔግ ብቻ ነው።

---

መስኮተ_ጣና

ለማሳያ ይበቃል። ጄፔጉን ከታች አስቀምጠህ ድስቱን በቬክተር እንደገና ሣለው፤ ለማሳያው ድስቱና የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይበቃሉ፤ የቀረውን ከተስማማችሁ በኋላ ትሠራዋለህ። ሁለት ክብ ጎን ለጎን አድርግ፤ በግራ የአሁኑን፣ በቀኝ አዲሱን፣ ሁለቱንም በስልክ ላይ በሚታዩበት ልክ። አስፍተህ አታሳይ፤ በትልቁ ሲታይ የድሮውም ያምራል፣ ልዩነቱ በትንሹ ነው የሚወጣው።

የሚበላሸው ቦታ ደግሞ ይሄ ነው። እንፋሎቱ ሦስት ቀጫጭን መስመር ከሆነ በትንሹ ይጠፋል፤ ወደ አንድ ወፍራም መስመር አውርደው። ጥላውንና የሚቀልጠውን ቀለም አውጣ፤ በማኅተም ላይ ጥላ ማለት ቆሻሻ ማለት ነው። ፊደሎቹን ተመልከት፤ እንደ ጠ እና ጨ ባሉት በእግሮቹ መካከል ያለው ክፍተት፣ እንደ መ እና ወ ባሉት ደግሞ ክቡ ቀዳዳ በትንሹ ይደፈናል። ያንን ክፍተት በእጅ ማስፋት ያስፈልጋል፤ ዝም ብሎ ፊደል ማወፈር ይደፍነዋል። ለመፈተን ሎጎውን በአንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት በተራ ጥቁር ማተሚያ አትመህ ክንድህን ዘርግተህ አንብበው። ካልተነበበ ገና ነው።

ስለ ደረሰኙም አንድ ነገር ልበል። በደብዳቤው ላይ «ለቢል» ያልኩት ወጥ ቤት ለሚሄደው ትእዛዝና ለሒሳብ ማሳያው ወረቀት ነው። የግብር ማሽኑ ደረሰኝ ላይ ሎጎ አስገባለሁ ብለህ ቃል አትግባ፤ እሱ በማሽኑ አቅራቢና በገቢዎች በኩል የሚሄድ ነው። የሙቀት ማተሚያው በሚሊ ሜትር 8 ነጥብ ነው የሚያትመው፤ የ58 ሚሊ ሜትሩ ወረቀት ላይ የሚታተመው ወርድ 48 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በጠቅላላው 384 ነጥብ አለህ። ከሦስት ነጥብ የቀጠነ መስመር ተቆራርጦ ይወጣል። ባለ አንድ ቀለሙን ልክ በ384 ፒክስል፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ አድርገህ አስረክባቸው፤ ግራጫ ካለበት ማሽኑ በነጠብጣብ ይሞላዋል።

---

ባነር_ቤት_ባዳር

ፋይል ስታስረክብ ለእኛም አስብልን። ብዙ ሰው ሎጎ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ይልክና «ለምን ደበዘዘ» ይላል። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ገደማ ላይ ይቀራል። እንደ ፋይል ይላክ።

ሁለተኛው የፊደል ነገር ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ስም ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ፋይሉን ከመላክህ በፊት ወደ ቅርጽ ለውጠው፤ በCorelDRAW ጽሑፉን መርጠህ Ctrl+Q፣ በIllustrator ደግሞ Ctrl+Shift+O። የሚታረመውን ቅጂ ለራስህ አስቀር፤ አንዴ ቅርጽ ከሆነ ፊደል ማረም አይቻልም።

ቀዩ ደግሞ፦ ስክሪን ላይ ያለው ደማቅ ቀይ በቀለም አይወጣም፤ ተመልሰው እኛን ይወቅሱናል። አስቀድመህ የኅትመቱን ቁጥር ስጥ፤ ማጀንታ 100፣ ቢጫ 100፣ ሌላው ዜሮ ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ከማሽን ማሽን ግን ይለያያል። ፍሌክሱ ላይ አንድ ክንድ ያህል ቁራጭ አሳትመህ ፀሐይ ላይ አውጥተህ ተመልከት። ጥቁሩን ፊደል ደግሞ በጥቁር ብቻ ሥራው፤ ከአራቱም ቀለም የተሠራ ጥቁር ጠርዙ ይሸሻል።

---

ጽጌ_ዘእንጅባራ

እኔ የጁስ ቤት ታፔላ እየሠራሁ ነው፤ ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ ፊደሉ ምን ያህል ይሁን? ከርዕሱ ትንሽ ወጣሁ መሰለኝ።

---

ባነር_ቤት_ባዳር

የታፔላ ሰዎች ለየ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ይላሉ። ከ30 ሜትር እንዲነበብ 25 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህ ግን ለላቲን ትልልቅ ፊደል የወጣ ልክ ነው፤ የእኛ ፊደል ጥቅጥቅ ስለሚል ጨምር እንጂ አትቀንስ። በመኪና የሚያልፍ ሰው ደግሞ ከእግረኛው ቀድሞ ማንበብ አለበት። የማርቆሱም ቤት ዋና መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ንድፍ፣ ረጅሙን ቅጂ ስትሠራ ይሄን አስብበት፤ ድስቱ ቦታ ወስዶ ስሙን አያሳንሰው።

---

ንድፍ_ዘማርቆስ

ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ካሸሯን ጠይቄ የባለቤቱን ስም አግኝቻለሁ። ሜኑአቸው ሽሮ፣ ተጋቢኖና ዓሣ ይበዛዋል፣ ስለዚህ በጾሙ እልካለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ቀብድ መቼ ልጠይቅ? ሁለተኛ፣ የኢሜይል አድራሻዬ ቅጽል ስምና የልደት ዓመት ያለበት ነው።

---

መስኮተ_ጣና

አድራሻውን ዛሬውኑ ቀይር፤ በስምህ ብቻ የሆነ ይሁን። ላኪው ስም ላይ የሚታየውን ደግሞ በአማርኛ ጻፈው፤ ገቢ ሳጥናቸው ውስጥ ከርዕሱ በፊት የሚያነቡት እሱን ነው።

ቀብዱን ምስሉን አይተው «ሥራው» ሲሉህ ጠይቅ፣ ግማሹን። ቀሪውን ደግሞ የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ከመስጠትህ በፊት፤ እስከዚያ የምታሳያቸው በሙሉ በ800 ፒክስል ይሁን። ስንት ጊዜ እንደምታርምም ከቀብዱ ጋር አብረህ ጻፍ፤ ሁለት ጊዜ በቂ ነው። ባለቤቱና ሥራ አስኪያጁ የተለያየ ነገር ሲያዝዙህ ማን እንደሚወስን በዚያው ደብዳቤ ይጠየቅ።

---

ፈጣን_መስመር

ዋጋውን ግን አታስገባ።

---

ንድፍ_ዘማርቆስ

ለማርቆሱ ዋጋውን አስገብቼ እልካለሁ፣ ምስል ሳላያይዝ። ፍኖተ ሰላም ያለ ሌላ ቤት አለ፣ እሱም ባለቤት ቀይሯል፤ ለእሱ ዋጋ ሳልጽፍ የተቆረጠውን ምስል አያይዤ እልካለሁ። የመጣውን መልስ እዚሁ እጽፋለሁ።

---

ጽጌ_ዘእንጅባራ

ሁለቱንም ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየርክ የቱ እንደሠራ በምን ታውቃለህ? ለፍኖተ ሰላሙም ዋጋውን አስገባና ምስሉን ብቻ ለይ።

---

ንድፍ_ዘማርቆስ

ልክ ነሽ። እንደዚያ አደርጋለሁ።